ዝንፈትና ጉልበት ሲመዘኑ፦ የኤል ኪው አር ክብደቶችና የፖሎች ጉዞ

ሊኒየር ኳድራቲክ ሬጉሌተር፣ በአጭሩ ኤል ኪው አር፣ ከሚፈለግበት ሁኔታ የተዛነፈን ማሽን ወደ ቦታው የሚመልስ የቁጥጥር ስሌት ነው። ስሌቱ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ለማሳነስ ይሞክራል፤ አንደኛው ዝንፈቱ ራሱ ነው፣ ሁለተኛው ዝንፈቱን ለማረም የሚወጣው ጉልበት ነው። ሁለቱ ፍላጎቶች ይጋጫሉ። ዝንፈት በፍጥነት እንዲጠፋ ከተፈለገ ብዙ ጉልበት ይወጣል፤ ጉልበት ከተቆጠበ ደግሞ ዝንፈቱ ይቆያል። የትኛው ምን ያህል እንደሚያሳስብ ለስሌቱ የሚነገረው በሁለት የክብደት ማትሪክሶች ነው። Q የሚባለው የማሽኑን ሁኔታ፣ R የሚባለው ወደ ማሽኑ የሚገባውን ግብዓት ይመዝናል።

እ.ኤ.አ. በ1960 ሩዶልፍ ካልማን የዚህን ችግር መፍትሔ በዘመናዊ መልኩ ካቀረበ ወዲህ ቀሪው ሥራ የስሌት ጉዳይ ሆኗል። Q እና R አንዴ ከታወቁ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው ጣሊያናዊው የሒሳብ ሊቅ በጃኮፖ ሪካቲ ስም የሚጠራውን እኩልታ ኮምፒውተር ወዲያው ይፈታዋል፤ ከመፍትሔውም K የሚባለው የግብረ መልስ ማባዣ ይገኛል። ለመሐንዲሱ የሚቀረው ሥራ Q እና Rን መምረጥ ነው። ከባዱም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ማንም ሰው ሥራ ሲሰጠው «ክብደቱ 2500 ይሁን» አይባልም። የሚባለው «ከዚህ በላይ አይዛነፍ፣ ከዚህ በላይ አይፍጠን፣ ሞተሩም ከዚህ በላይ አቅም የለውም» ነው። ከዚህ ንግግር ወደ ማትሪክሱ ቁጥሮች፣ ከቁጥሮቹም ወደ ማሽኑ ባሕርይ የሚወስደውን መንገድ በአንድ ምሳሌ መከተል ይቻላል።

ምሳሌው በአንድ ዘንግ ዙሪያ ብቻ የምትዞር ትንሽ ሳተላይት ናት። ካሜራዋ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲያይ ይፈለጋል፤ ከዚያ አቅጣጫ የተዛነፈችበት አንግል θ፣ የምትዞርበት ፍጥነት ω ይባል። ሳተላይቷን የሚያዞራት በሆዷ ውስጥ ያለ በሞተር የሚሽከረከር ከባድ ክብ ብረት ነው፤ ብረቱ ወደ አንድ ወገን ሲፋጠን ሳተላይቷ ወደ ሌላው ወገን ትዞራለች። ይህ ሞተር የሚሰጠው ቶርክ u ይባል፤ ትልቁ አቅሙ 0.1 ኒውተን ሜትር ነው። የሳተላይቷ የመዞር ኢነርሺያ ደግሞ 10 ኪሎግራም ሜትር ካሬ ነው። በሕዋ ላይ ሰበቃ ስለሌለ ጠቅላላው ፊዚክስ በአንድ አረፍተ ነገር ያልቃል፦ የፍጥነቱ ለውጥ ቶርኩ ለ10 ሲካፈል ነው።

ኤል ኪው አር የሚያሳንሰው ድምር ለዚህች ሳተላይት እንዲህ ይጻፋል።

```
∫ ( q1·θ² + q2·ω² + r·u² ) dt
```

የQ ሁለት ቁጥሮች q1 እና q2 ናቸው፤ R ደግሞ r ብቻ ነው። ክብደቶቹ በዝንፈትና በጉልበት መካከል እንዳለ የምንዛሪ ተመን ናቸው፤ አንድ ራዲያን ዝንፈት ስንት ኒውተን ሜትር ቶርክ እንደሚያወጣ ይናገራሉ። ሦስቱንም ቁጥሮች በአንድ ላይ በሺህ ማባዛት ምንም አይለውጥም፤ ድምሩ ሺህ ጊዜ ያድጋል እንጂ ትንሹ የሚገኝበት ቦታ ያው ነው። ለውጥ የሚያመጣው ንጽጽራቸው ብቻ ነው። ስለዚህ «Q ትልቅ ነው» የሚል ንግግር R ካልተጠቀሰ ትርጉም የለውም።

ለዚህች ሳተላይት የሪካቲ እኩልታ ያለ ኮምፒውተር በእጅ ይፈታል፤ ምሳሌው የተመረጠውም ለዚህ ነው። የሚገኘው የቁጥጥር ሕግ ቶርኩን ከአንግሉና ከፍጥነቱ ያወጣዋል።

```
u = −(k1·θ + k2·ω)
k1 = √(q1/r)
k2 = √(q2/r + 20·k1)
```

በሁለተኛው ማባዣ ውስጥ ያለው 20 የኢነርሺያው እጥፍ ነው። ይህ ሕግ ሳተላይቷ ላይ ሲገጠም እንቅስቃሴዋ 10s² + k2·s + k1 = 0 በሚለው እኩልታ ይገዛል፤ የእኩልታው ሁለት መፍትሔዎች የዝግ ዑደቱ ፖሎች ይባላሉ። ፖል በሰሌዳ ላይ የሚቀመጥ ነጥብ ነው። ከመካከለኛው መስመር ወደ ግራ በራቀ ቁጥር ዝንፈቱ ቶሎ ይከስማል፤ ከአግድሙ መስመር ወደ ላይና ወደ ታች በራቀ ቁጥር ደግሞ ሳተላይቷ እየተወዛወዘች ትመለሳለች። አግድሙ መስመር ላይ ከተቀመጠ ውዝዋዜ የለም። ወደ ቀኝ ካለፈ ዝንፈቱ እያደገ ይሄዳል። መሐንዲሱ የሚነካው ክብደቶቹን ነው፣ የሚሆነውን የሚያየው ግን በፖሎቹ ላይ ነው።

ብዙ ጀማሪዎች ሁሉንም ክብደት 1 አድርገው ይጀምራሉ። ይህ ገለልተኛ ምርጫ ይመስላል፣ ነገር ግን አይደለም። አንግሉ በራዲያን ከተለካ፣ q1 እና r ሁለቱም 1 ሲሆኑ k1 በራዲያን 1 ኒውተን ሜትር ይሆናል፤ 0.1 ራዲያን ለተዛነፈች ሳተላይት ሞተሩ 0.1 ኒውተን ሜትር ይጠየቃል፤ ልክ አቅሙን። ያው አንግል በዲግሪ ከተለካ ግን k1 በዲግሪ 1 ኒውተን ሜትር ነው። 0.1 ራዲያን 5.7 ዲግሪ ስለሆነ ሞተሩ 5.7 ኒውተን ሜትር ይጠየቃል፤ ከአቅሙ 57 እጥፍ። ሳተላይቷም ሞተሩም አልተለወጡም፤ የተለወጠው መለኪያው ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉንም 1 ማድረግ የምርጫውን ሥልጣን ሳያውቁት ለመለኪያው አሳልፎ መስጠት ነው።

ከዚህ ወጥመድ የሚያወጣው መነሻ አርተር ብራይሰን ያስለመደውና በስሙ የሚጠራው ደንብ ነው፤ ብራይሰን ከዩ ቺ ሆ ጋር እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተመው የኦፕቲማል ቁጥጥር መጽሐፍ የዘርፉ መሠረታዊ መማሪያ ሆኖ ኖሯል። ደንቡ እያንዳንዱ ክብደት ለዚያ ነገር የሚፈቀደው ትልቁ መጠን ካሬ ግልባጭ ይሁን ይላል። የሚፈቀደው ዝንፈት 0.1 ራዲያን ከሆነ q1 አንድ ለ0.01 ሲካፈል፣ ማለትም 100 ነው። የሚፈቀደው ቶርክ 0.1 ኒውተን ሜትር ስለሆነ rም 100 ነው። እንዲህ ሲደረግ እያንዳንዱ የድምሩ ክፍል መለኪያ አልባ ይሆናል፤ ከወሰኑ ላይ የደረሰ ማንኛውም ነገር እኩል 1 ይቆጠርበታል። አንግል በዲግሪ ቢለካ ወሰኑም በዲግሪ ስለሚጻፍ ውጤቱ አይዛባም።

ፍጥነቱ ለጊዜው ይቆይና q2 ዜሮ ይሁን። k1 የ100 ለ100 ሥር ስለሆነ 1 ነው፤ k2 የ20 ሥር፣ 4.47 ነው። ፖሎቹ −0.224 ± 0.224i ላይ ይቀመጣሉ። ሁለት ነገሮች ልብ ይባሉ። አንደኛ፣ k1 የሚፈቀደው ቶርክ ለሚፈቀደው ዝንፈት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው፤ ሳተላይቷ ከወሰኑ ጫፍ ቆማ ብትለቀቅ ሞተሩ የሚጠየቀው ሙሉ አቅሙን ነው፣ አይበልጥም፣ አያንስም። የብራይሰን ደንብ ለዚህ ምሳሌ ከዘልማድ አልፎ ትክክለኛ ትርጉም ያገኛል። ሁለተኛ፣ የፖሎቹ እውናዊና ምናባዊ ክፍሎች እኩል ናቸው፤ ማለትም ፖሎቹ በ45 ዲግሪ መስመር ላይ ናቸው። ሳተላይቷ ወደ ዒላማዋ ስትመለስ በመነሻ ዝንፈቷ 4 በመቶ ያህል ታልፈዋለች፣ ከዚያ ትረጋለች፤ በ18 ሰከንድ ግድም ነገሩ ያልቃል።

አሁን r ብቻውን ይለወጥ። ከ100 ወደ 1600 ሲያድግ፣ ማለትም ጉልበት 16 እጥፍ ሲወደድ፣ k1 ወደ 0.25 ይወርዳል፤ ፖሎቹም −0.112 ± 0.112i ላይ ይደርሳሉ። ፍጥነቱ በግማሽ ቀነሰ፣ ሞተሩ የሚጠየቀው ቶርክ በአራት እጥፍ አነሰ። በተቃራኒው r ወደ 6.25 ቢወርድ ፖሎቹ −0.447 ± 0.447i ላይ ያርፋሉ፤ ሳተላይቷ በእጥፍ ትፈጥናለች፣ ሞተሩ ግን 0.4 ኒውተን ሜትር ይጠየቃል። የለውም። በሦስቱም ጊዜ ፖሎቹ ከዚያው የ45 ዲግሪ መስመር አልወጡም፤ r የሚያደርገው በመስመሩ ላይ ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ማንሸራተት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ 16 እና 2 ያላቸው ዝምድና ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ይገልጻል። የፖሉ ርቀት የሚከተለው የክብደቶቹን ንጽጽር አራተኛ ሥር ነው። r በግማሽ ቢቀነስ ፖሎቹ 19 በመቶ ብቻ ነው የሚርቁት። ክብደትን 10 ወይም 20 በመቶ እየለወጠ ውጤት የሚጠብቅ ሰው ምንም ሳያይ ይውላል፤ በዚህ ሥራ አሥር አሥር እጥፍ መዝለል የተለመደውና ትክክለኛው እርምጃ ነው። አሥር እጥፍ እንኳ ፍጥነቱን የሚለውጠው 1.8 ጊዜ ያህል ብቻ ነው።

የነገሩ ዋና ቁም ነገር ያለው q2 ላይ ነው፤ ሰው በተለምዶ ከሚጠብቀው ጋር የሚቃረነውም እሱ ነው። q1 እና r 100 እንደሆኑ ይቆዩና የሚፈቀደው የመዞር ፍጥነት በሰከንድ 0.05 ራዲያን ይሁን። q2 400 ይሆናል፣ k2 ወደ 4.90 ያድጋል፣ ፖሎቹ −0.245 ± 0.2i ላይ ይሆናሉ። ከ45 ዲግሪው መስመር ወጥተው ወደ አግድሙ መስመር ጎንበስ ብለዋል፤ ውዝዋዜው ቀነሰ። k1 ግን ያው 1 ነው፤ የፍጥነት ክብደት የአንግሉን ማባዣ ፈጽሞ አይነካውም።

የሚፈቀደው ፍጥነት ወደ 0.02 ሲጠብቅ q2 2500 ይሆናል። k2 6.71 ነው፤ ፖሎቹ ተላቀው አግድሙ መስመር ላይ በ−0.447 እና በ−0.224 ተቀምጠዋል። ሳተላይቷ ከእንግዲህ ዒላማዋን አታልፍም። ዘገምተኛው ፖል ከመጀመሪያው ጉዳይ እውናዊ ክፍል ጋር እኩል ሆኖ መገኘቱ ደግሞ መልካም ዕድል ነው፤ ውዝዋዜው ጠፋ፣ ዝንፈቱ የሚከስምበት ፍጥነት ግን አልተጎዳም።

ከዚህ ካለፈ ነገሩ ይገለበጣል። ፍጥነቱ በሰከንድ 0.005 ራዲያን ብቻ ይፈቀድ ቢባል q2 40000 ይደርሳል፤ k2 20.5 ይሆናል። አንዱ ፖል ወደ ግራ ሸሽቶ −2 ላይ ይደርሳል፤ ሌላው ግን ወደ መካከለኛው መስመር ተመልሶ −0.05 ላይ ይቀራል። የሳተላይቷን ጉዞ የሚወስነው ዘገምተኛው ነው፤ የመርጊያ ጊዜዋ ከ18 ወደ 80 ሰከንድ ያድጋል። የQ ቁጥር በ16 እጥፍ አደገ፣ ሳተላይቷ ግን ዘገየች። «Qን ማሳደግ ያፈጥናል» የሚለው በየቦታው የሚደጋገም ምክር የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። የፍጥነት ክብደት መቀጫው መንቀሳቀስን ራሱን ነው፤ ቅጣቱ ሲከብድ ስሌቱ ሳተላይቷ ከመፍጠን ይልቅ ተዛንፋ ብትቆይ ይሻላል ብሎ ይወስናል።

ያ −0.05 ከየት እንደመጣ መረዳት ይገባል። q2 በጣም ሲያድግ ዘገምተኛው ፖል የq1 ለq2 ንጽጽር ካሬ ሥር ላይ ይቆማል፤ በብራይሰን ደንብ ይህ የሚፈቀደው ፍጥነት ለሚፈቀደው ዝንፈት ሲካፈል ነው፣ 0.005 ለ0.1። ስለዚህ ከወሰኗ ጫፍ የተነሳች ሳተላይት የምትመለሰው በተፈቀደላት ፍጥነት ግድም ነው። ስሌቱ የተነገረውን በታማኝነት ፈጽሟል። ዝግተኛ ፖል ሲታይ መጠየቅ ያለበት የፍጥነቱ ወሰን በእርግጥ አስፈላጊ መሆኑ ነው። ካሜራዋ ሥዕል ስታነሳ እንዳይደበዝዝባት የተጣለ ወሰን ከሆነ ዝግታው ተገቢ ነው፤ ለመሙላት ያህል የተጻፈ ቁጥር ከሆነ ግን 60 ሰከንድ በከንቱ እየባከነ ነው።

መካከለኛው ምርጫ በማትላብ፣ ወይም መጀመሪያ pkg load control ተብሎ በኦክታቭ፣ እንዲህ ይሞከራል።

```
A = [0 1; 0 0];
B = [0; 0.1];
Q = diag([100 2500]);
R = 100;
[K,S,p] = lqr(A,B,Q,R)
```

K 1 እና 6.708፣ p ደግሞ −0.4472 እና −0.2236 ሆነው ይወጣሉ። ብዙ ሁኔታ ላላቸው ማሽኖች በእጅ የተጻፈ ቀመር አይኖርም፤ አካሄዱ ግን አይለወጥም። መጀመሪያ ከወሰኖቹ በብራይሰን ደንብ ይጀመራል። ከዚያ R ብቻውን በአሥር እጥፍ እየተለወጠ ፖሎቹ ይታያሉ፤ የሞተሩ አቅም የሚፈቅደው ርቀት ሲገኝ ይቆማል። በመጨረሻ የQ ቁጥሮች አንድ በአንድ ይነካሉ፤ የሚወዛወዘው የትኛው እንደሆነ ታይቶ የእሱ ፍጥነት ይከብዳል። ሁለት ክብደቶችን በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ፖሉን ማን እንዳንቀሳቀሰው አያውቅም።

ክብደቶች ፖሎቹን የትም ሊወስዷቸው አይችሉም። ለዚህች ሳተላይት q2 ከዜሮ በታች ስለማይሆን ፖሎቹ ከ45 ዲግሪው መስመር በላይ፣ ወደ ውዝዋዜው ወገን፣ ፈጽሞ አይወጡም። q1 ዜሮ ቢሆንስ? አንግሉ ማንንም አያሳስብም ማለት ነው፤ k1 ዜሮ ይሆናል፣ አንዱ ፖል መካከለኛው መስመር ላይ ይቀራል፣ ሳተላይቷ መዞሯን ታቆማለች እንጂ ወደ ዒላማዋ አትመለስም። እንዲህ ያለ Q ሲሰጠው ኮምፒውተሩ የሚያረጋ መፍትሔ አያገኝም፤ ስህተቱ ግን የQ እንጂ የፕሮግራሙ አይደለም። ሌላም ወሰን አለ። በተፈጥሮው የሚወድቅ ነገር፣ ለምሳሌ በጫፉ የቆመ ዘንግ፣ በ+3 ላይ ፖል ቢኖረው፣ R ምንም ያህል ቢከብድ የዝግ ዑደቱ ፖል ከ−3 አይቀርብም። ጉልበት እጅግ ሲወደድም ስሌቱ ዘንጉን እንዲወድቅ አይተወውም፤ በርካሹ የሚያቆመው የፖሉን መስታወታዊ ምስል በመያዝ ነው።

ፖሎቹ በሰሌዳው ላይ መልካም ቦታ ይዘው ማሽኑ ሊበላሽ ይችላል። −2 ላይ የተቀመጠው ፈጣን ፖል ለዚህ ማሳያ ነው። የሳተላይቷ ሰፊ የፀሐይ ሰሌዳዎች እንደ ክንፍ ይርገበገባሉ፤ ርግብግቢታቸው በሰከንድ 2 ወይም 3 ራዲያን ግድም ከሆነ ያ ፖል በቀጥታ ይቀሰቅሰዋል፤ በስሌቱ ውስጥ ሰሌዳዎቹ ስለሌሉ Q እና R አያዩትም። ትልቁ k2ም የፍጥነት መለኪያውን ጫጫታ ሁሉ አጉልቶ ወደ ሞተሩ ይልከዋል። ካልማን እ.ኤ.አ. በ1964 አንድ ግብዓት ባለው ማሽን ላይ ኤል ኪው አር ቢያንስ 60 ዲግሪ የፌዝ መጠባበቂያ እንዳለው የሚያረጋግጠውን መሠረት ጥሏል፤ ያ ዋስትና ግን ሁሉም ሁኔታዎች በቀጥታ ሲለኩ ነው። ፍጥነቱ የማይለካና ከአንግሉ የሚገመት ከሆነ ዋስትናው ይጠፋል፤ ይህንን ጆን ዶይል እ.ኤ.አ. በ1978 በአጭር ጽሑፍ አሳይቷል። በዚያን ጊዜ መጠባበቂያው ለእያንዳንዱ ንድፍ ለብቻው መፈተሽ አለበት።

የመጨረሻው ፈተና ሞተሩ ወሰን ያለው መሆኑ ነው። r ጉልበትን ያስወድዳል እንጂ አይከለክልም። ሳተላይቷ 180 ዲግሪ እንድትዞር ብትታዘዝ ሕጉ ከ3 ኒውተን ሜትር በላይ ይጠይቃል፤ ሞተሩ 0.1 ብቻ ይሰጣል፤ ፖሎቹም የሚሆነውን መናገር ያቆማሉ። በመጀመሪያው ምርጫ፣ k2 4.47 በሆነበት፣ ሳተላይቷ በሙሉ አቅም ስትፈጥን ትቆይና መግታት የምትጀምረው ዘግይታ ስለሆነ ዒላማዋን ከ1 ራዲያን በላይ አልፋ ትሄዳለች፤ በሰሌዳው ላይ የተነበበው 4 በመቶ ነበር። ቁጥሮቹ ሲሠሩ በዚህ ማባዣ የዘገየው መግታት የሚጀምረው መነሻ ዝንፈቱ ከ0.8 ራዲያን፣ ማለትም ከ46 ዲግሪ ግድም ሲያልፍ ነው። k2 6.71 ሲሆን ወሰኑ ወደ 1.8 ራዲያን፣ 103 ዲግሪ ግድም ይሰፋል። የፍጥነት ክብደቱ ከፖሎቹ ቦታ ባሻገር የሚገዛው ነገር ይህ ነው፤ በሰሌዳው ላይ አይታይም፤ የሚታየው የሞተሩ ወሰን ተጨምሮበት ከትልቁ መነሻ ዝንፈት በሚደረግ የጊዜ ሙከራ ነው። ከዚያም ለበለጠ ትልቅ ዙር ክብደቶቹን ማክበድ አይመከርም፤ ወደ ሕጉ የሚገባው ዝንፈት በ0.1 ራዲያን እንዲገደብ ይደረጋል፣ ወይም ዒላማው ራሱ ሞተሩ ሊከተለው በሚችለው ፍጥነት ቀስ በቀስ ይንቀሳቀሳል፤ Q እና R የተመረጡላትን ትንሿን ዝንፈት ብቻ እንዲያርሙ ይተዋሉ።